ድድ ሲደማ ሚሊ ሜትሩን ጠይቁ

ይህ ለአንድ ትምህርት ቤት መምህራንና ሠራተኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። የሁለቱ ታካሚዎች ማንነት እንዳይታወቅም አንዳንድ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ።

እንደምን አደራችሁ።

በአንድ ጠዋት ተከታትለው ስለመጡ ሁለት ታካሚዎች ልንገራችሁ። ዛሬ የማወራው ሁሉ ከእነሱ የሚነሳ ነው።

የመጀመሪያዋ የ22 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ገና ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጥርሷን ስትቦርሽ ደም ይመጣል። ዳቦ ስትገምጥ ዳቦው ላይ ደም ይቀራል። ጠዋት ስትነሳ ትራሷ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ታገኛለች። እንዲህ ከሆነች አራት ወር አልፏታል። ማታ ስልኳ ላይ ስትፈልግ ስለ ደም ካንሰር አንብባ እንቅልፍ ሳይወስዳት ነው ያደረችው። «ዶክተር፣ ጥርሶቼ ሊረግፉ ነው አይደል?» አለችኝ።

ሁለተኛው የ49 ዓመት የታክሲ ሹፌር ናቸው። እሳቸው ምንም አልጨነቃቸውም። የመጡት ባለቤታቸው ስለነዘነዟቸው ነው። ከላይ ባሉት ሁለት የፊት ጥርሶቻቸው መሀል ባለፉት ሦስት ዓመታት ክፍተት ተፈጥሯል። «ጓደኞቼ በስተርጅና ፍንጭት ሆንክ ይሉኛል» አሉኝ እየሳቁ። «ድድዎ ይደማል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኧረ በጭራሽ! የእኔ ድድ ጠንካራ ነው» አሉ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ ያጨሳሉ።

ከሁለቱ የማንኛቸው ያሳስባችኋል? አዎ፣ ብዙዎቻችሁ «የልጅቷ» አላችሁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያው እል ነበር። ግን ልጅቷ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደህና ሆነች። ሹፌሩ ግን ከጥርሶቻቸው ሥር የነበረውን አጥንት ግማሽ ያህል አጥተው ነበር። ያ አጥንት በአብዛኛው አይመለስም።

የልጅቷ ችግር ጂንጂቫይተስ ይባላል፤ የድድ መቆጣት ማለት ነው። የሹፌሩ ፔሪዮዶንታይተስ ነው። በእሱ ጊዜ ከድዱ አልፎ ጥርሱን የያዘው ነገር ራሱ ይፈርሳል። ሁለቱም «የድድ በሽታ» ስለሚባሉ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። የሚለያዩት ግን በሚፈሰው ደም ብዛት አይደለም።

ልዩነቱን ለመረዳት ጥርስ በምን እንደሚያዝ ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ ሰው ጥርስን እንጨት ላይ እንደተመታ ሚስማር ያስበዋል። እንደዚያ አይደለም። የጠፍር አልጋ የምታውቁ አላችሁ? ጠፍሩ ከአልጋው ክፈፍ ወደ ክፈፍ ተወጥሮ የተኛውን ሰው ይሸከማል። ጥርስም ከመንጋጋ አጥንት ጋር በእጅግ ቀጫጭን ክሮች ታስሮ የተንጠለጠለ ነው። የክሮቹ አንዱ ጫፍ የጥርሱ ሥር ውስጥ፣ ሌላው ጫፍ አጥንቱ ውስጥ ተቀብሯል። ጠንካራ ነገር ስትነክሱ ጥርሳችሁ በመጠኑ ዝቅ የሚለው በእነዚህ ክሮች ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ድዱ አለ። ድድ ጥርሱን እንደ አንገትጌ ከቦ ይይዘዋል። በአንገትጌውና በጥርሱ መሀል ጠባብ ቦይ አለ። በጤነኛ አፍ የቦዩ ጥልቀት ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ከቦዩ ወለል ሥር ክሮቹ ይጀምራሉ። ከዚያ ዝቅ ብሎ የአጥንቱ ጫፍ አለ።

አሁን ተማሪዋ ጋ እንመለስ። በቀን ሁለት ጊዜ ትቦርሻለች። ብሩሹ ግን የጥርሱን ሆድ እንጂ ከድዱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር አይነካም። እዚያ መስመር ላይ ፕላክ ተጠራቅሟል። ፕላክ የምንለው ነጣ ያለ፣ በጥፍር ሲፋቅ የሚላቀቅ ለስላሳ ነገር ነው። የምግብ ትራፊ ይመስላል እንጂ እርስ በእርሳቸው ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ክምችት ነው። እዚያ ሲቆይ ሰውነት መከላከያ ይልካል። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ድዱ ያብጣል። የቦዩ ውስጠኛ ግድግዳ ይሳሳል። ግድግዳው ስለሳሳ ብሩሽ ሲነካው ይደማል።

ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ። ደሙ የሚመጣው ብሩሹ ስላቆሰለ አይደለም። ድዱ አስቀድሞ የተቆጣ ስለሆነ ነው። ተማሪዋ ግን ሌላ ነው የመሰላት። የታችኛው የፊት ጥርሶቿ ሲደሙባት «አቆሰልኩት» ብላ እዚያ ቦታ መቦረሽ አቆመች። ስታቆም ፕላኩ በዛ፤ ፕላኩ ሲበዛ ደሙ ባሰ፤ ደሙ ሲብስ ደግሞ ይበልጥ ፈራች። አራት ወር ሙሉ በዚህ ውስጥ ስትሽከረከር ነው የቆየችው። ይህንን ሳይ በጣም ያሳዝነኛል፤ ከማክማቸው ሰዎች ብዙዎቹ በጭንቀታቸው ምክንያት ያባባሱት ነገር ነው።

ይህ በሙከራም ታይቷል። በ1965 ሃራልድ ሎ የተባለ ኖርዌጂያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በዴንማርክ አንድ ጥናት አሳተመ። ጤነኛ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች፣ አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች፣ ጥርሳቸውን ማጽዳት ጨርሰው እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት ገደማ ዳነ። ጂንጂቫይተስ ማለት ይኸው ነው። በቀናት ይመጣል፤ በቀናት ይሄዳል። ክሮቹ አልተበጠሱም፤ አጥንቱም አልተነካም።

ታዲያ ይህ ቁጣ እንዴት ወደ አጥንት ይወርዳል?

ፕላኩ ሳይነሳ ሲቆይ በምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየም ያጠነክረዋል። ታርታር ይሆናል። ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ከጥርሱ ጋር እንደ ሲሚንቶ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ብሩሽ አያነሳውም። ታርታሩ ሸካራ ስለሆነ በላዩ ላይ አዲስ ፕላክ በቀላሉ ይይዛል። ያበጠው ድድ ደግሞ ቦዩን ያጠልቀዋል። እዚያ ውስጥ አየር አይገባም። አየር የማይወዱ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። ከተቆጣው ድድ የሚወጣው ፈሳሽም ምግብ ይሆናቸዋል።

የሰውነት መከላከያ ሴሎች ይህን ሊያጠፉ ይጎርፋሉ። የሚረጩት ኬሚካል ግን ጠላትና ወዳጅ አይለይም። ክሮቹንም ያሟሟል። የላይኞቹ ክሮች ሲበጠሱ የቦዩ ወለል በሥሩ ላይ ወደ ታች ይወርዳል። ቦይ የነበረው አሁን ኪስ ሆነ። ኪሱ ሲጠልቅ ፕላኩና ታርታሩ ተከትለው ይወርዳሉ።

አጥንቱስ? ሰው ሁሉ ባክቴሪያ አጥንቱን ይበላዋል ብሎ ያስባል። አጥንቱን የሚያፈርሱት የራሳችን ሴሎች ናቸው። ሰውነታችን ዘወትር አሮጌ አጥንት የሚያፈርሱና አዲስ የሚሠሩ ሴሎች አሉት። ቁጣው ወደ አጥንቱ ሲጠጋ ለአፍራሾቹ የሚደርሰው ትእዛዝ ይበረታል። አጥንቱ እሳት ሲቀርበው ወደኋላ እንደሚል ሰው ያፈገፍጋል። እሳቱ ሲከተለው እንደገና ያፈገፍጋል። በጠፍር አልጋው ቋንቋ፣ ጠፍሩ ተበጠሰ፤ ቀጥሎ ጠፍሩ የታሰረበት ክፈፍ ራሱ ተበላ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አያምም። ሹፌሩ «እንዲህ እየሆነ እንዴት አላመመኝም?» ብለው ነበር። ኪሱ አፉ ክፍት ስለሆነ መግሉም ፈሳሹም ወደ ውጭ ይወጣል። ግፊት ስለማይፈጠር ሕመም የለም። አንዳንዴ የኪሱ አፍ ይደፈንና መግል ይቋጥራል። ሰው እንቅልፍ አጥቶ የሚመጣው ያኔ ነው። ሲሻለው ደግሞ ድኛለሁ ብሎ ይቀራል።

ድዳቸው ያልደማው ለምንድን ነው? ሲጋራው ነው። ትንባሆ በድድ ውስጥ ያለውን የደም ዝውውር ያዳክማል፤ ድዱን ያወፍረዋል፣ ያደርቀዋል። ስለዚህ አጫሽ ውስጥ ውስጡን አጥንቱን እያጣ ድዱ ላይ ብዙ ደም አይታይም። ደም ማስጠንቀቂያ ነው። ሲጋራ ማስጠንቀቂያውን ያፍነዋል፤ በሽታውን ደግሞ ያፋጥናል። አጫሽ የሆነ ሰው «አይደማብኝም» ሲለኝ አልረጋጋም።

የመጀመሪያው ምልክታቸው የፊት ጥርሶቻቸው መራራቅ ነበር። በእኛ አገር ፍንጭት ውበት ነው። ከልጅነት የመጣ ፍንጭት ምንም ችግር የለውም። በ45 ዓመት የሚመጣ ፍንጭት ግን ሌላ ነገር ነው። ይዞት የነበረው አጥንት ሲያንስ ጥርሱ የምላስንና የንክሻን ግፊት መቋቋም ያቅተዋል። ወደ ፊትና ወደ ጎን ይሄዳል። የልጅነት ፎቶ ላይ የሌለ ክፍተት ዛሬ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ።

እንግዲህ አንዷ ብዙ ደም፣ ሌላው ምንም ደም። በምን ለየኋቸው? በመለኪያ ዘንግ ነው። ፕሮብ እንለዋለን። ቀጭን ብረት ነው፤ ሚሊ ሜትር ተቀርጾበታል። በድዱና በጥርሱ መሀል ቀስ ብሎ ይገባል። የሚጫነው 25 ግራም ያህል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ ስድስት ቦታ ላይ ይለካል፤ ሦስት በጉንጭ በኩል፣ ሦስት በምላስ በኩል። 28 ጥርስ ያለው ሰው 168 ቁጥር ይኖረዋል ማለት ነው። ረዳቴ ትጽፋለች፤ እኔ እጠራለሁ። ታካሚው ይሰማል።

ተማሪዋ የሰማችው «3፣ 2፣ 3፤ 2፣ 2፣ 3» የሚል ነበር። ድዷ ያበጠበት አንዳንድ ቦታ 4 ነበር። 4 ስትሰማ ደነገጠች። ያ ግን የውሸት ኪስ ነው። ወለሉ አልወረደም፤ ድዱ አብጦ ከፍ ስላለ ነው ቁጥሩ የጨመረው። ጎርፍ ሲመጣ የወንዙ ውኃ ከፍ እንደሚል እንጂ ወለሉ እንደማይጠልቅ ማለት ነው። ራጅ ስናነሳ የአጥንቱ ጫፍ በቦታው አለ። ሹፌሩ የሰሙት «6፣ 4፣ 7» ነበር፤ በፊት ጥርሶቻቸው ላይ። በታችኛው ቀኝ መንጋጋ ጥርስ ላይ 8 መጣ። እዚያው ላይ ድዱ 2 ሚሊ ሜትር ሸሽቶ ሥሩ ወጥቶ ይታያል። ስለዚህ እውነተኛው ጥፋት 8 ብቻ አይደለም፤ የሸሸውም ይደመርበታል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። ማስታወቂያ ላይ የሚታየው ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፤ የታመመው ቀይ ነው። የእኛ የብዙዎቻችን ድድ ግን በተፈጥሮው ጠየም ያለ ነው። በተለይ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች አሉ። ጥቁሩ ድድ መቅላቱን ይደብቃል። አንዲት የተነቀሱ እናት «ድዴ እኮ ምንም አልተለወጠም» ብለውኝ ስለካ 6 አግኝቻለሁ። ስለዚህ መስታወት ፊት ቆማችሁ በቀለም አትፍረዱ። የድዱን ጫፍ እዩ። ሹል ሆኖ ጥርሱ ላይ ልጥፍ ካለ ጥሩ ነው። ተነፍቶ፣ አብረቅርቆ ከሆነ አይደለም።

ራጅም ገደብ አለው። አጥንቱ ብዙ ማዕድን ካላጣ ራጅ ላይ አይታይም። ስለዚህ ጅምሩን ያመልጠዋል። ፕሮቡም አንድ ሚሊ ሜትር ሊያሳስት ይችላል። ዛሬ 3፣ ከወራት በኋላ 4 ቢሆን «ባሰ» ብለን አንደመድምም። ሁለት ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲለወጥ ነው ቆም ብለን የምናየው። ሲለካ የማይደማ ቦታ ደግሞ፣ በተለይ በማያጨስ ሰው፣ የመረጋጋቱ ጥሩ ምልክት ነው።

ወደ ሕክምናው ልሂድ። የተማሪዋ አጭር ነው። በአንድ ቀጠሮ፣ 40 ደቂቃ ገደማ፣ እናንተ «የጥርስ እጥበት» የምትሉትን ሠራሁላት። ታርታሩ ተነሳ። ከዚያ መስታወት አስይዤ አሳየኋት። ብሩሹን ወደ ድዱ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብይ፤ ጸጉሩ በድዱና በጥርሱ መሀል ይግባ፤ እዚያው በትንሹ አንቀጥቅጪ። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። በቀን አንድ ጊዜ በጥርሶችሽ መሀል ክር አሳልፊ። «ይደማል እኮ» አለች። «በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደማል። አትተዪው» አልኳት። በሁለተኛው ሳምንት ስትመጣ 4 የነበረው 3 እና 2 ሆኗል። ስለካት ከሁለት ቦታ በቀር አልደማም። መድኃኒት አልሰጠኋትም። አያስፈልጋትም ነበር።

ሰውነቷ ላይ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ቦታ፣ የአፍንጫ መድማት ወይም ትኩሳት ቢኖራት ግን የደም ምርመራ አዝዝላት ነበር። ፕላክ ሳይኖር ድድ የሚደማ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው የሚፈለገው። እርግዝናም ድድን ያስቆጣል፤ እዚያ ላይ የሚያባብሰው ሆርሞን ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ የምትጠይቁትን አውቃለሁ። የተማሪዋ ቁጣ ሳይታከም ቢቀር የሹፌሩን ይሆን ነበር ወይ? ሃራልድ ሎና ባልደረቦቹ ይህንንም አጥንተዋል። በስሪላንካ የሻይ እርሻ የሚሠሩ 480 ወንዶችን ከ1970 ጀምሮ ለ15 ዓመት ተከታተሉ። ሰዎቹ ጥርስ የማጽዳት ልማድ አልነበራቸውም፤ የጥርስ ሐኪምም አያገኙም። ሁሉም ድዳቸው የተቆጣ ነበር። ይሁን እንጂ 11 በመቶው ከድድ ቁጣ አላለፉም። 81 በመቶው ጥርሳቸውን የያዘው ነገር ቀስ እያለ ጠፋባቸው። 8 በመቶው ደግሞ በፍጥነት ጥርሳቸውን አጡ። አፋቸው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ተመሳሳይ ነው። የተለያየው የሰውነታቸው ምላሽ ነው።

ስለዚህ የድድ ቁጣ ሁሉ አጥንት አይበላም። አጥንት የሚበላው ሁሉ ግን በድድ ቁጣ ይጀምራል። የማን ድድ ቆሞ እንደሚቀር፣ የማን እንደሚወርድ በዓይን አይለይም። የሚያፋጥኑትን ግን እናውቃለን። ሲጋራ አንዱ ነው። ያልተቆጣጠሩት ስኳር ሌላው ነው። ዘርም አለበት።

ሹፌሩን ከማከሜ በፊት የስኳር ምርመራ ያዘዝኩት ለዚህ ነው። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው፣ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የሚያሳየው ምርመራ 8.1 መጣ። ስኳር እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ድዳቸው ነው ያጋለጠው። ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ላክኋቸው።

የበሽታውን ፍጥነት የምንገምትበት አንድ ቀላል ሒሳብ አለ። በጣም በተጎዳው ጥርስ ላይ ከሥሩ ርዝመት ስንት በመቶ አጥንት እንደጠፋ ከራጁ ትወስዱና ለዕድሜ ታካፍሉታላችሁ። የእሳቸው 55 በመቶ ነበር። 55 ለ49 ሲካፈል ከ1 ትንሽ ይበልጣል። ከ1 በላይ ከሆነ ፈጣን እንለዋለን። ያው 55 በመቶ በ80 ዓመት አዛውንት ላይ ቢታይ 0.7 ገደማ ነው፤ መካከለኛ ይሆናል። ቁጥሩ ያው ሆኖ ታሪኩ ይለያል።

ለሹፌሩ የተለመደው እጥበት አይበቃም። እጥበት ከድዱ በላይና ጫፉ አካባቢ ያለውን ያነሳል። የእሳቸው ታርታር ኪሱ ውስጥ፣ 6 እና 7 ሚሊ ሜትር ወርዶ፣ ጥቁር ሆኖ ሥሩ ላይ ተጋግሯል። እዚያ ድረስ መውረድ አለብን። አፋቸውን በአራት ከፍዬ፣ በማደንዘዣ፣ በአራት ቀጠሮ ሠራሁት። በእጅ መሣሪያና በሚንቀጠቀጥ ማሽን ሥሩን በጣት ስሜት እየዳሰስን እናጸዳለን፤ ኪሱ ውስጥ አይታየንማ። አንዱ ቀጠሮ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ በፊት ግን አቦራረሱን አስተካክለን፣ በጥርስ መሀል የሚገባ ትንሽ ብሩሽ አለማምጃቸው፣ ስለ ሲጋራው ተነጋግረን ነበር። የቤቱ ሥራ ካልተሠራ የእኔ ሥራ በወራት ውስጥ ይፈርሳል።

ከፋርማሲ አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ የሚውጥ ሰው ብዙ ነው። ደሙ ለአንድ ሁለት ሳምንት ይቀንስለታል። ከዚያ ይመለሳል። ባክቴሪያዎቹ ተጣብቀው በተሠራው ክምችት ውስጥ ናቸው፤ ታርታሩም እዚያው አለ። ክኒን ታርታር አያነሳም። በጨው ውኃ መጉመጥመጥም ያስታግሳል እንጂ ኪሱ ሥር አይደርስም።

ሹፌሩን በሦስተኛው ወር እንደገና ለካኋቸው። ከ168ቱ ቦታዎች 5 እና ከዚያ በላይ የነበሩት 52 ነበሩ። አሁን 14 ብቻ ቀሩ። በፊት ጥርሶቹ 7 የነበረው 4 ሆኗል። አንዱ ሚሊ ሜትር የመጣው ድዱ በሥሩ ላይ ጥብቅ ብሎ ስለያዘ ነው። ሁለቱ ሚሊ ሜትር ግን እብጠቱ ሲሟሽሽ ድዱ ወደ ላይ ስለሸሸ ነው። ስለዚህ ጥርሶቻቸው የረዘሙ መሰሉ፤ ቀዝቃዛም ያመኛል አሉ። ይህንን አስቀድሜ ባልነግራቸው ኖሮ አበላሸኝ ይሉ ነበር፤ እውነታቸውንም ነው።

«ጥርሴን ታጥቤ ተነቃነቀብኝ» የሚለው ወሬም ከዚህ ነው የመጣው። አጥንቱ አስቀድሞ አልቋል። ጥርሱን ከጎረቤቱ ጋር አያይዞ ያቆመው ታርታሩ ነበር። ታርታሩ ሲነሳ እውነቱ ታየ። እጥበቱ አላነቃነቀውም። ሐኪሙ ከመንካቱ በፊት ለክቶ «ይህ ጥርስ ይነቃነቃል» ብሎ ሊያሳያችሁ ይገባል። ካላሳያችሁ ጠይቁ።

ከቀሩት 14 ቦታዎች አብዛኞቹ በመንጋጋ ጥርሶቹ ላይ ነበሩ። የታች መንጋጋ ጥርስ ሁለት ሥር አለው። አጥንቱ ሥሮቹ እስከሚለያዩበት ሹካ ድረስ ከወረደ መሣሪያችን እዚያ መግባት ይቸግረዋል። በግራ በኩል ድዱን በቀዶ ሕክምና ከፍተን፣ እያየን አጸዳነው። በቀኝ ያለው፣ 8 የነበረው ጥርስ፣ 7 ላይ ቀርቶ ይደማ ነበር፤ በሹካው ውስጥ ፕሮቡ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። ተነጋግረን ነቀልነው። አጥንት የሚመልስ ቀዶ ሕክምና የለም ወይ ትሉኛላችሁ። አለ፤ ግን አጥንቱ ዙሪያው ግድግዳ ቀርቶለት እንደ ጠባብ ጉድጓድ ሲጠፋ ነው የሚሠራው። እንደ ሹፌሩ በአብዛኛው ደረጃውን ጠብቆ እኩል ከወረደ የሚጨብጠው ግድግዳ የለም።

ስኳራቸውም ወርዷል። በዋናነት የወረደው በመድኃኒቱ ነው። የድድ ሕክምናው ራሱም ያግዛል፤ ጥናቶች ኤችቢኤዋንሲ ከ0.3 እስከ 0.4 ገደማ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። ሲጋራውን ከአንድ ፓኮ ወደ አምስት ፍሬ አውርደዋል። ጨርሰው አላቆሙም።

ጥያቄ ያላችሁ? አዎ፣ እትዬ፣ ይቀጥሉ።

(አንዲት እናት፦ «ልጄ፣ እኛ እኮ በመፋቂያ ነው ያደግነው። አሁን ክፉ ነው ልትለን ነው?»)

ኧረ አልልም እማማ። መፋቂያ የጥርሱን ፊትና ሆድ ጥሩ አድርጎ ያጸዳል፤ ፕላክ ያነሳል። ችግሩ ሁለት ጥርስ የሚነካካበት መሀል ላይ ነው፤ እዚያ አይገባም። የምላስ በኩሉም ይቀራል። በሽታው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያው መሀል ላይ ነው። መፋቂያዎን አይተዉ፤ ማታ ክር ወይም ትንሿን የመሀል ብሩሽ ይጨምሩበት። ጫፉን አኝከው ያለስልሱት፤ ደረቁ ድድ ይጭራል።

(አንድ መምህር፦ «ዶክተር፣ ሹፌሩ አሁን ድነዋል ማለት ይቻላል?»)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ተማሪዋ ድናለች። ድዷ ወደነበረበት ተመልሷል፤ ከእንግዲህ በየዓመቱ ብትታይ ይበቃታል። ሹፌሩ ቆሞላቸዋል ነው የምለው። አጥንቱ ባለበት ቆሟል፤ የጠፋው አልተመለሰም። በየሦስት ወሩ ይመጣሉ። በየጊዜው እንለካለን፤ 4 እና ከዚያ በታች ሆኖ ሳይደማ ከቆየ እናልፈዋለን። አንዱ ቦታ 5 ሆኖ ከደማ እዚያች ቦታ ብቻ ወርደን እናጸዳለን። የፊት ፍንጭታቸው አሁንም አለ። ቁጣው ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በሽቦ መልሶ ማቀራረብ ይቻላል። ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «ባለቤቴን ልጠይቅ» ብለው ሄዱ። ቀጣዩ ቀጠሯቸው መስከረም ላይ ነው።